አራት አራት ቀን የቀሩ ሁለት ልጆች



ዛሬ የምናገረው ስለ ስም መጥሪያ መዝገብ ነው። ርእሱ ሲነበብ ከኋላ የተቀመጡ መምህራን ፈገግ ሲሉ አይቻለሁ፤ አልፈርድባቸውም። መዝገቡን በየጠዋቱ እንሞላዋለን፣ በየወሩ መጨረሻ ደምረን ለቢሮ እንልካለን፣ ከዚያ ቁም ሣጥን ውስጥ ይገባል። ስንሞላው እንጂ ስናነበው አንታይም። እኔ የማወራው ስለ ማንበቡ ነው። የትኛው ልጅ ከትምህርት ቤት እየራቀ እንደሆነ ገና ሳይጠፋ ከመዝገቡ ላይ እንዴት ይታያል?

ምሳሌዬን ከካርቱም፣ ከአርካዊት አመጣለሁ። ከመካከላችሁ እዚያ የኖራችሁ ታውቁታላችሁ። ላልኖራችሁ፣ አርካዊት በካርቱም ደቡብ ምሥራቅ ያለ ሰፈር ነው፤ ከዚያ ወደ ጅሬፍ ሲወርዱ በየግቢው ክፍል ተከራይቶ የሚኖር ብዙ ሐበሻ ነበር። እናት ሰው ቤት ትሠራ ወይም ሻይ ትሸጥ ነበር፣ አባት ካለ ራክሻ ይነዳ ወይም ግንባታ ላይ ይውል ነበር። አንዳንዱ ኢቃማ ነበረው፣ አንዳንዱ ጊዜው አልፎበት ነበር፣ አንዳንዱ ጭራሹን አልነበረውም። አንዳንዱ ቤተሰብ ለመኖር የመጣ ነበር፤ ሌላው ደግሞ ወደ ሊቢያ ወይም ወደ ግብፅ የሚሻገርበትን ቀን ይጠብቅ ነበር። እንዲህ ባለ ሰፈር አንድ ልጅ ከክፍል ሲቀር ምክንያቱ አሥር ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ መዝገቡ ላይ ግን አሥሩም አንድ ፊደል ናቸው። አርካዊትን የመረጥኩት ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ላስቀድም። አሁን የማሳያችሁ ክፍል የአንድ ትምህርት ቤት እውነተኛ መዝገብ አይደለም፤ ስሌቱ እንዲታያችሁ እኔ ያቀናበርኩት ነው። ልጆቹንም በስም ሳይሆን በፊደል እጠራቸዋለሁ። የመቅረታቸው ምክንያት ግን ሰፈሩን ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አይደለም።

ስድስተኛ ክፍል ነው፤ 40 ተማሪ። በወሩ 20 የትምህርት ቀን ነበር። 40 ልጅ በ20 ቀን ሲባዛ 800 ይሆናል፤ ማለትም ሁሉም ልጅ ሁሉንም ቀን ቢመጣ 800 ጊዜ «አቤት» ይባል ነበር። በወሩ ውስጥ 48 ጊዜ ቀሪ ለማለት «ቀ» ተጻፈ። ርእሰ መምህሩ ያሰላል፤ መገኘት 94 በመቶ። ለቢሮ የሚላከውም ይኸው ቁጥር ነው። 94 በመቶ የሚያስመሰግን ነው፤ ፈተና ቢሆን የደረጃ ተማሪ ውጤት ነው። ስለዚህ ማንም ተጨማሪ ጥያቄ አይጠይቅም።

አሁን ያንኑ ገጽ ከላይ ወደ ታች ሳይሆን ከግራ ወደ ቀኝ እናንብበው። ከላይ ወደ ታች ስናነብ የምናየው የቀኑን ክፍል ነው፤ ዛሬ ስንት መጡ፣ ስንት ቀሩ። ከግራ ወደ ቀኝ ስናነብ ደግሞ አንዱን ልጅ እናያለን። ከ48ቱ ቀሪዎች 30ዎቹ የአምስት ልጆች ሆነው ይገኛሉ። አንዱ 10 ቀን ቀርቷል፣ አንዱ 7፣ አንዱ 5፣ ሁለቱ ደግሞ አራት አራት። የቀሩት 18 በ35 ልጆች ላይ ተበትነዋል፤ አንድ ቀን ጉንፋን፣ አንድ ቀን ለቅሶ፣ የተለመደው ነገር። ክፍሉ በአማካይ ደህና ነው፤ ከስምንት ልጆች አንዱ ግን ደህና አይደለም። አማካዩ ስሌቱ ትክክል ሆኖ ሳለ አምስቱን ልጆች ደብቋቸዋል።

በሌላው ዓለም ይህን ችግር ያዩ ሰዎች የተስማሙበት መስፈርት አለ፤ ከትምህርት ቀኑ 10 በመቶውን ወይም ከዚያ በላይ ያጣ ልጅ አብዝቶ የቀረ ተብሎ ይመዘገባል። እንግሊዝም ብዙ የአሜሪካ ግዛቶችም በዚሁ ይሠራሉ። ልብ በሉ፣ በዚህ አቆጣጠር ፈቃድ ያለውና የሌለው ቀሪ አብሮ ይደመራል። እዚህ ላይ ከብዙ መምህራን ጋር ተከራክሬያለሁ። «ፈቃድ ጠይቆ እኮ ነው የቀረው» ይሉኛል። ለዲሲፕሊን ከሆነ ልዩነት አለው። ክፍልፋይን መደመር ለተማረበት ቀን ግን ልጁ በፈቃድ ይቅር ያለ ፈቃድ፣ ትምህርቱ አልፎታል።

ከ20 ቀን 10 በመቶው ሁለት ቀን ነው። በአንድ ወር ሁለት ቀን የቀረን ልጅ ሁሉ እናስጠራ? እንዲህ ካደረግን ከሠላሳ አምስቱ መካከል ሁለት ቀን ያተኮሰው ልጅም ይጠራል፤ መምህሩ በሁለተኛው ወር ይሰለችና ይተወዋል። በሌላ በኩል ግን የመጀመሪያው ወር ብዙ ይናገራል። አሜሪካ ውስጥ በባልቲሞር ከተማ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ አንድ ጥናት በትምህርት መክፈቻው ወር የቀሩ ልጆችን ዓመቱን ሙሉ ተከተላቸው። በመጀመሪያው ወር ከሁለት ቀን በታች የቀሩት በዓመቱ በአማካይ ወደ 10 ቀን ቀሩ። ከሁለት እስከ አራት ቀን የቀሩት ወደ 25 ቀን። ከአራት ቀን በላይ የቀሩት ግን ወደ 70 ቀን! ባልቲሞር አርካዊት አይደለችም፤ ቁጥሩን እንዳለ አንወስደውም። ነገሩ ግን ለማንኛውም መምህር የሚገባ ነው። እኛ ሀገር «መስከረም ገና ነው፣ ትምህርት አልተጀመረም» የምንለው ወር ብዙ ነገር የሚታይበት ወር ነው። ስለዚህ እኔ የምለው ሁለት ቀን ሲሆን የክፍል ኃላፊው ልጁን በለሆሳስ ይጠይቀው፤ አራት ሲሞላ ወላጅ ይጠራ ወይም ይደወል። ሁለቱ እርከኖች አይቀላቀሉ።

ቁጥር ብቻውን ግን ያሳስታል። ወደ ርእሴ ልጆች የመጣሁት አሁን ነው።

አራት አራት ቀን የቀሩትን ሁለቱን ልጆች ተመልከቱ። ሴቷን «ሀ»፣ ወንዱን «ለ» እንበላቸው። በመቶኛ እኩል ናቸው፤ ሁለቱም 20 በመቶ። ደንቡ ሁለቱንም እኩል ያስጠራል። ገጹን ስናይ ግን «ሀ» የቀረችው በእያንዳንዱ ሳምንት አንድ ቀን ነው፤ ቀኑም ሁልጊዜ እሑድ ነው። «ለ» ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት አንድም ቀን አልቀረም፤ በሦስተኛው ሳምንት አንድ ቀን፣ በአራተኛው ሦስት ቀን ቀረ።

«ሀ» ለምን እሑድ እሑድ ትቀራለች? የሱዳን የሳምንት እረፍት ዓርብና ቅዳሜ ነው፤ እሑድ የሥራና የትምህርት ቀን ነው። እናቷ እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች፤ ልጅቱን ይዛ። ይህ በካርቱም ያረጀ ጥያቄ ነው። የክርስቲያን ትምህርት ቤቶች ለረጅም ጊዜ እሑድን ሲያርፉ ኖረው፣ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2017 የካርቱም ግዛት የትምህርት ሚኒስቴር ዓርብና ቅዳሜ እንዲያርፉ፣ እሑድ እንዲያስተምሩ አዘዛቸው። እንዲህ ያለ ትእዛዝ ሲመጣ መጀመሪያ የሚታየው ስም መጥሪያው ላይ ነው፤ የእሑዱ ዓምድ በ«ቀ» ይሞላል። የ«ሀ»ን እናት ጠርቶ መቆጣት ምንም አይፈይድም። ትምህርት ቤቱ ማየት ያለበት እሑድ የሚሰጠው የትኛው ትምህርት እንደሆነ ነው። እሑድ ሁለት ክፍለ ጊዜ ሒሳብ ካለ፣ ልጅቱ ከሳምንቱ ሒሳብ ምናልባት ግማሹን አጥታለች። 20 በመቶ የሚለው ቁጥር ይህን አይነግራችሁም። መፍትሔው የክፍለ ጊዜ ድልድሉን መቀየር፣ ወይም ከቅዳሴ በኋላ የምትደርስበትን ሰዓት ከእናቷ ጋር መስማማት ሊሆን ይችላል።

«ለ» ሌላ ጉዳይ ነው። የእሱ መቅረት እየጨመረ ነው፤ ዜሮ፣ ዜሮ፣ አንድ፣ ሦስት። ቀጣዩ ሳምንት አምስት ሊሆን ይችላል። የእንዲህ ዓይነቱ መወጣጫ ትርጉም በአርካዊት ጥቂት ነው፤ ልጁ ሥራ ጀምሯል፣ ቤት ውስጥ ሰው ታሟል፣ ክፍያ አቅቷቸው ማፈር ጀምረዋል፣ ወይም ቤተሰቡ ጉዞ እያሰናዳ ነው። አራቱም ቢሆኑ በቀናት ውስጥ እንጂ በወር መጨረሻ የሚጠየቁ አይደሉም። «ሀ»ን በሚቀጥለው የወላጆች ስብሰባ ማነጋገር ይበቃል። «ለ» ጋ ግን ነገ መሄድ ያስፈልጋል።

ታዲያ ይህን ልዩነት መምህሩ ሳይራቀቅ እንዴት ያየዋል? የመጨረሻዎቹን አሥር የትምህርት ቀናት ብቻ በመቁጠር ነው። ወሩን ሙሉ ሳይሆን አሥር ቀን ወደ ኋላ። «ሀ» በአሥሩ ቀን 2፣ «ለ» 4። ወዲያው ተለያዩ። ነገ ደግሞ አንድ ቀን ወደፊት ተገፍቶ እንደገና አሥር ቀን ይቆጠራል። መዝገቡ በወረቀት ከሆነ አሥር ዓምድ የሚያሳይ ቀዳዳ ያለው ቁራጭ ካርቶን ገጹ ላይ ማንሸራተት ነው፤ በቀዳዳው የሚታዩትን «ቀ»ዎች በየመስመሩ መቁጠር። ለ40 ልጅ ብዙ ጊዜ አይፈጅም። ኮምፒውተር ካለ፣ መብራትም ካለ፣ በኤክሴል በልጁ መስመር መጨረሻ ይህን ማስገባት ይበቃል፤ እዚህ የመጨረሻዎቹ አሥር ቀናት ከ L እስከ U ባሉት ዓምዶች ውስጥ ናቸው፦

```
=COUNTIF(L5:U5,"ቀ")
```

ውጤቱ 3 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ልጁ በዚያ ሳምንት ይጠየቃል። ሦስት ቀን በተከታታይ ከጠፋ ደግሞ ሳምንት አይጠበቅም፤ በሦስተኛው ቀን ይደወላል።

ካርቱም ላይ ብቻ ሳይሆን ፍተሻ ባለበት ከተማ ሁሉ የሚያጋጥም ሌላ መልክ አለ። አንድ ሰኞ ጠዋት ከ40ው 17ቱ ቀሩ እንበል። ያን ቀን ከሻ ነበር። የውጭ ሰው መታወቂያ የሚፈተሽበት፣ ሰው በመኪና የሚጫንበት ቀን እንደሆነ ለኖራችሁበት አልነግራችሁም። ወላጅ ልጁን ቤት አስቀርቶ እሱም ተደብቋል። ይህን ቀን በየልጁ ስም ላይ ብንደምረው ግማሹ ክፍል በሐሰት ይጠራል። ስለዚህ ከክፍሉ ሩብ ያህሉ በአንድ ቀን ከቀረ፣ ምክንያቱ ከልጁ ውጭ ነው ብለን በዓምዱ አናት ላይ ምልክት እናድርግና ከየልጁ ስሌት እናውጣው። የጎርፍ ቀንም እንዲሁ ነው፤ በነሐሴ የካርቱም መንገድ ሐይቅ ሲሆን ማን ይመጣል?

ቀኑን ከስሌቱ ካወጣን በኋላ ግን መዝገቡን አንዝጋ። ማክሰኞ 14ቱ ተመለሱ። ረቡዕ ሁለት ጨመሩ። አንዱ ሐሙስም የለም። ሰኞ ዕለት ከአሥራ ሰባት አንዱ ስለነበር ማንም ልብ አላለውም፤ አሁን ግን ብቻውን ነው። አባቱ ወይም እናቱ የተያዙበት ልጅ እሱ ሊሆን ይችላል። ብዙዎች አብረው በቀሩበት ቀን መምህሩ መጠየቅ ያለበት ማን እንደቀረ ሳይሆን ሌሎቹ ሲመለሱ ማን እንዳልተመለሰ ነው። መዝገብ በማንበብ ብዙ ዘመን የቆዩ ሰዎች እንኳ ይህን ይስቱታል።

ከዚሁ ጋር የሚያያዝ አንድ ጥንቃቄ አለ፤ ትንሽ እቆይበታለሁ። ብዙ መዝገቦች ላይ «የቀረበት ምክንያት» የሚል ዓምድ አለ። እዚያ ላይ «እናቱ ኢቃማ ስለሌላት ተይዛ» ብሎ የሚጽፍ ቅን መምህር አጋጥሞኝ ያውቃል። መዝገቡ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፤ የክፍል አለቃው ያየዋል፣ ጎብኚ ያየዋል፣ ፖሊስም ቢመጣ ያየዋል። በእኔ እምነት በክፍል መዝገብ ላይ «ቤተሰብ»፣ «ሕመም»፣ «ክፍያ»፣ «ጉዞ» ከሚሉ አራት ቃላት አንዱ እንጂ ዝርዝር መግባት የለበትም። ዝርዝሩ በርእሰ መምህሩ መሳቢያ ውስጥ በተቆለፈ ደብተር ይሁን፤ አንዳንዱ ደግሞ ጭራሹን አይጻፍ። እናትየው ትምህርት ቤቱ ምስጢሯን እንደማይጠብቅ ካወቀች በሚቀጥለው ጊዜ «አሞት ነው» ትላለች፤ ያን ጊዜ መዝገቡ በሕመም ይሞላል፣ እኛም ምንም አናውቅም።

አሁን ወደ ደስ የማይለው ክፍል እንምጣ። እስካሁን ያልኩት ሁሉ መዝገቡ እውነት ከሆነ ነው። መዝገብ ግን ይዋሻል።

በጣም የተለመደው ውሸት ክፉ ሐሳብ የለበትም። መምህሩ ሳምንቱን ሙሉ ይረሳና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከትዝታው ይሞላዋል። ይህን ለማወቅ ገጹን ማየት ብቻ ይበቃል፤ የአምስቱ ቀን እስክሪብቶ አንድ ነው፣ ምልክቶቹ በአንድ የእጅ ግፊት የተደረደሩ ናቸው፣ ዝናብ ጥሎ ግማሹ ክፍል ባዶ በነበረበት ቀን ሁሉም ተገኝተዋል። ሁለተኛው ውሸት የክፍል አለቃው ነው። መምህሩ ስም መጥራቱን ለእሱ ከተወለት፣ ጓደኞቹ አይቀሩም፤ የተጣሉት ደግሞ ይቀራሉ። ሦስተኛው ባዶ ቦታ ነው። «የተገኘ ምንም አይደረግበት፣ የቀረ ብቻ ይጻፍ» የሚል ልማድ ካለ፣ ያልተጠራ ልጅና የመጣ ልጅ አይለዩም። ለተገኘውም ምልክት ይደረግ፤ ነጥብ ይሁን፣ ጭረት ይሁን ግድ የለም፤ ባዶ ከተገኘ ግን ስም አልተጠራም ማለት ነው።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። በሳምንት አንድ ቀን፣ አስቀድሞ ባልተነገረ ሰዓት፣ ርእሰ መምህሩ በየክፍሉ በር ቆሞ ራስ ይቁጠር። ስም አይጥራ፣ መምህሩንም አይጠይቅ፤ ቁጥሩን ማስታወሻው ላይ ይጻፍና ከሰዓት በኋላ ከመዝገቡ ጋር ያስተያየው። አንድ ልጅ ቢለያይ ሽንት ቤት ሄዶ ይሆናል። አምስት ከተለያየ ግን በዚያ ክፍል መዝገብ ላይ የተሠራ ስሌት ሁሉ ከንቱ ነው። መጀመሪያ መምህሩን ማነጋገር ነው፤ ልጆቹ ኋላ ይደርሳሉ።

ሰዓቱም ቁም ነገር አለው። ስም የሚጠራው በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ብቻ ከሆነ ሁለት ዓይነት ልጅ ያመልጠናል። አንዷ ታናናሾቿን አዘጋጅታ፣ አንዱን ጎረቤት አድርሳ፣ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ የምትደርስ ልጅ ናት። መዝገቡ ቀሪ ይላታል ወይም መምህሩ አዝኖላት ተገኝታለች ይላታል፤ ሁለቱም ልክ አይደለም። «አ» ተብሎ ማርፈዷ ይጻፍ፤ አምስት «አ» ቢደጋገም ቤቷ ውስጥ ጠዋት ጠዋት አዋቂ የለም ማለት ሊሆን ይችላል። ሌላው ከእረፍት በኋላ አጥር ዘሎ የሚሄደው ነው፤ በመዝገብ ላይ ፍጹም ተማሪ ነው። ከእረፍት በኋላ ሁለተኛ ስም መጥራት የሚያስፈልገው ለእሱ ነው።

ወላጆች፣ አሁን የእናንተ ተራ ነው። ልጃችሁ ዘንድሮ ስንት ቀን ቀረ ብላችሁ ብትጠየቁ የምትሰጡት ቁጥር ከእውነቱ ያነሰ መሆኑ አይቀርም። ይህን የምለው ልነቅፋችሁ አይደለም። ቶድ ሮጀርስና አቪ ፌለር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በፊላደልፊያ ከ28 ሺህ በላይ ቤተሰቦችን ያካተተ ሙከራ አድርገው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2018 አሳተሙ። ልጆቻቸው ብዙ የሚቀሩባቸው ወላጆች የሚገምቱት ከእውነተኛው ግማሽ ያህሉን ነበር። ተመራማሪዎቹ ያደረጉት ነገር በዓመቱ ውስጥ ጥቂት ደብዳቤ መላክ ብቻ ነው፤ ልጅዎ እስካሁን ይህን ያህል ቀን ቀርቷል የሚል። አብዝተው የሚቀሩ ልጆች ቁጥር በ10 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ማስፈራሪያ አልነበረበትም። በአርካዊት ደብዳቤ የሚያነብ ላይኖር ይችል ነበር፤ ስልክ ግን ነበር። ሲደወልም «ለምን ቀረ?» ብሎ መጀመር በር ይዘጋል። «እማማ፣ ልጅዎ በዚህ ሁለት ሳምንት አራት ቀን አላየነውም፤ ደህና ናችሁ ወይ?» ከተባለ ግን እናትየው ራሷ ትናገራለች። አንዳንዴም ትደነግጣለች፤ እሷ በየጠዋቱ ከቤት አስወጥታዋለችና።

የቀረኝ አንድ ጉዳይ ነው፤ ስም የመሰረዝ ጉዳይ። 10 ቀን የቀረውን ልጅ ታስታውሳላችሁ? በሚቀጥለው ወር 20ውንም ቀን ቀረ እንበል። በብዙ ትምህርት ቤት ያን ጊዜ ስሙ በቀይ ይሰረዛል። በወረቀት ላይ ምን ይሆናል መሰላችሁ? ክፍሉ 39 ሆነ፤ የመገኘት መቶኛው ከፍ አለ። ትምህርት ቤቱ ልጅ በማጣቱ ውጤቱ አማረ! እኔ የምመክረው የተሰረዙት ስሞች በመዝገቡ መጨረሻ በተለየ ገጽ እንዲሰፍሩ ነው፤ የመጨረሻ የታየበት ቀን፣ የት እንደሄደ፣ ይህን የነገረን ማን እንደሆነ፣ የምንደውልበት ስልክ። «ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ» ከተባለ የትኛው ከተማ? «ዘመድ ጋ ሄደ» ከተባለ የትኛው ዘመድ? መልስ ያልተገኘለት ልጅ ባዶ ሆኖ ይቆይ፤ «ለቀቀ» ተብሎ አይሞላ።

ይህ ገጽ ለምን እንደሚጠቅም ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ካርቱም ውስጥ ሲነሣ ታየ። ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ሰው በየአቅጣጫው ተበተነ፤ ወደ ኢትዮጵያ ከመጣው ብዙው በመተማ በኩል ገባ። ከዚያ የመጣ ልጅ እዚህ ትምህርት ቤት በር ላይ ሲቆም ስንተኛ ክፍል እንደነበር የሚያሳይ ወረቀት ላይኖረው ይችላል። የተቀበላችሁት መምህራን በፈተና ደረጃውን ለይታችሁ አስገባችሁት፤ ጥሩ ነው። ግን የመጀመሪያውን አሥር ቀን ቁጠሩለት። ከመንገድ የመጣ ልጅ በስድስተኛው ቀን ሲቀር፣ ወይ ክፍሉ ከብዶታል ወይ ቤተሰቡ እንደገና ሊነሣ ነው፤ ሁለቱም በሳምንት ውስጥ ሊጠየቁ ይገባል።

በየወንበራችሁ ላይ ያ ያሳየኋችሁ ገጽ ተባዝቶ ተቀምጧል፤ 40 መስመር፣ 20 ዓምድ። 5 ቀን ከቀረውና 7 ቀን ከቀረው ልጅ ነገ መጀመሪያ የትኛው ቤት ትሄዳላችሁ? አሥር ደቂቃ ውሰዱ፤ ከዚያ ጥያቄያችሁን እሰማለሁ።